ሃያ ጫማ፣ አንድ ቁጥር

መርካቶ ውስጥ ጫማ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ እናስብ። አንድ ቀን አከፋፋይ አሥር ጥንድ ጥቁር የአዲዳስ ሳምባ አምጥቶ «እትዬ፣ ኦሪጅናል ነው፤ ከዱባይ የገባ» አላት። ቆዳውን ዳበሰች፣ ሶሉን አጠፍ ዘርጋ አደረገች፣ አሸተተች። የሚያስጠረጥር ነገር ስላላገኘች ከፍላ ተረከበች። መጀመሪያ የገዛው ወጣት ግን በማግሥቱ ጫማውን ይዞ መጣ። «እትዬ፣ የሸጡልኝ ፎርጅድ ነው።»

ወጣቱ የጣለው ክስ በስሜት ላይ የቆመ አልነበረም። ከጫማው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሌብል አሳያት። በእሷ ላይ የጫማው ልክ በተለያዩ አገሮች መለኪያ፣ የተመረተበት ወርና ዓመት፣ እንዲሁም የሞዴሉ መለያ ኮድ ይጻፋል። ኮዱ የሚነግረው የጫማውን ዓይነት ብቻ ሳይሆን ቀለሙንም ጭምር ነው። ይህኛው B75806 ይላል። ወጣቱ ኮዱን ስልኩ ላይ ጽፎ ሲፈልግ የወጣው ነጭ ሳምባ ነው፤ የጥቁሩ B75807 ነው። ሌብሉ የነጭ፣ ጫማው ጥቁር!

ነጋዴዋ ገንዘቡን መለሰችለትና ሱቋን ዘግታ የሁሉንም ሌብል አንድ በአንድ ፎቶ አነሳች። ሌላ ጉድ የታየው ያኔ ነው። በአዲዳስ ሌብል ላይ ከሞዴሉ ኮድ ሌላ የእያንዳንዱ ጫማ የራሱ ተከታታይ ቁጥር አለ፤ የአንድ ጥንድ ግራና ቀኝ እንኳ አንድ ዓይነት ቁጥር አይኖራቸውም። የእሷ ሃያ ጫማዎች ግን ሁሉም አንድ ቁጥር ነበራቸው። አስመሳዩ አንድ ሌብል ቀድቶ ደጋግሞ አትሞታል። ጫማ በእጅ ሲያዝ የሚታየው አንድ በአንድ ስለሆነ ይህን ማስተዋል ይከብዳል። ፎቶዎቹ ስልክ ላይ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ግን መደጋገሙ ራሱ ይናገራል።

ሌብል ብቻውን ግን አይበቃም። ትክክለኛ ኮድና የተለያየ ቁጥር ማተም ብዙ ወጪ የለውም፤ ጠንቀቅ ያለ አስመሳይ ያስተካክለዋል። ስፌት ላይ ሲደርስ ነው ነገሩ የሚጠነክርበት። ስፌቱን ማጥበቅ ማለት በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ መርፌውን ብዙ ጊዜ ማውጣትና ማስገባት ማለት ነው፤ ይህ ጊዜ ይፈጃል፣ ክርም ይበላል። ርካሽ አምራች ስፌቱን የሚያረዝመው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ነጋዴዋ ምንጩን በእርግጠኝነት ከምታውቀው አንድ ትክክለኛ ሳምባ ጋር ማነጻጸር ጀመረች። ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለች። የስልኩን ፍላሽ ታጠፋለች፤ ፊት ለፊት የሚያርፍ ብርሃን ስፌቱን ያደበዝዘዋልና። በጎን በኩል ከመስኮት በሚገባ ብርሃን ግን እያንዳንዱ ክር ጥላ ይጥላል። ከሦስቱ መስመሮች ጠርዝ አጠገብ ማስመሪያ አስቀምጣ ስልኩን ሳታዘነብል ታነሳለች። ከዚያ ፎቶውን አጉልታ በሦስት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያለውን ስፌት ትቆጥራለች። ትክክለኛው ላይ አሥራ ሁለት ሆኖ ሌላው ላይ ዘጠኝ ከሆነ፣ መስመሩም ወደ ጠርዙ አንዴ ቀረብ አንዴ ራቅ ካለ፣ ጥርጣሬዋ ይበረታል።

ቁጥሩ ለሁሉም ጫማ የሚሠራ ሕግ አይደለም። አንድ ሞዴል በተለያዩ ፋብሪካዎች ሊሰፋ ይችላል፤ ትክክለኛ ጫማም የላላ ክር አያጣም። ስለዚህ የምታነጻጽረው ያንኑ ሞዴል ከዚያው ሞዴል፣ ያንኑ ቦታ ከዚያው ቦታ ጋር ነው። በአንድ ጉድለትም አትፈርድም። የሌብሉ ኮድ፣ ተከታታይ ቁጥሩና ስፌቱ አብረው ሲያጋልጡ ግን ዕቃውን አትረከብም።

አከፋፋዩ በሌላ ጊዜ ሲመጣ ክርክር አልገጠመችም። «ከመክፈሌ በፊት የእያንዳንዱን ጫማ ሌብል፣ የግራውንም የቀኙንም፣ በቴሌግራም ላክልኝ» አለችው። ከአንድ ትክክለኛ ጥንድ የተነሳ ፎቶ ልኮ ሌላ ዕቃ ሊያመጣ እንደሚችልም አልጠፋትም። ዕቃው ሲደርስ ፎቶዎቹን ከፍታ በሌብሉ ላይ ያለውን ቁጥር ከጫማው ጋር ታመሳክራለች፤ ያልገጠመውን ጥንድ ለብቻ ታስቀምጣለች፤ ሒሳብ የምትከፍለውም ለገጠሙት ብቻ ነው።