0.0080 ስንት ብር ነው?

ባንኮች በየዕለቱ የሚያወጡት የዶላር ምንዛሪ ከነጥብ በኋላ አራት አሃዝ ይዞ ይወጣል። ነጋዴው ግን በስልክ ሲነጋገርም ሆነ ወጪውን ሲገምት ብዙውን ጊዜ ሁለቱን አሃዞች ብቻ ይዞ ቀሪውን ያጠጋጋል። መቶ ዶላር ለሚመነዝር መንገደኛ ልዩነቱ የሳንቲም ጉዳይ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ለሚያስተላልፍ አስመጪ ግን የተጣለው አሃዝ በብር ተተምኖ ይመጣል። ስንት ብር ሆኖ እንደሚመጣ የሚወስነው የአሃዙ ብዛት ብቻ ሳይሆን ምንዛሪው የተጻፈበት አቅጣጫም ነው።

ለአብነት ያህል አንድ አስመጪ የ1 ሚሊዮን ዶላር ዕቃ አዟል እንበል። ባንኩ የሚሸጥበት ዋጋ 125.4375 ብር ቢሆን የሚከፈለው 125,437,500 ብር ይሆናል። ምንዛሪው ወደ 125.44 ከተጠጋጋ ሂሳቡ በ2,500 ብር ከፍ ይላል። ሳይጠጋጋ በ125.43 ላይ ቢቆረጥ ደግሞ በ7,500 ብር ዝቅ ይላል። ማጠጋጋትና መቁረጥ አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ማጠጋጋት አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ስለሚሄድ በብዙ ክፍያዎች ውስጥ ይቻቻላል። መቁረጥ ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያደላል።

የሚፈጠረውን ከፍተኛ ልዩነት አስቀድሞ ማወቅም ይቻላል። የመጨረሻውን አሃዝ ግማሽ በዶላሩ መጠን ማባዛት ነው። ምንዛሪው በሁለት አሃዝ ሲጠጋጋ ግማሹ 0.005 ነው፤ በ1 ሚሊዮን ዶላር ላይ ከ5,000 ብር አይበልጥም። በአራት አሃዝ ሲሆን ከ50 ብር አያልፍም። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው።

ምንዛሪው ሲገለበጥ

ችግሩ የሚጀምረው ምንዛሪው ተገልብጦ፣ ማለትም አንድ ብር ስንት ዶላር ነው ተብሎ ሲጻፍ ነው። 1 ለ125.4375 ሲካፈል 0.0079720977 ገደማ ይመጣል። ይህ በአራት አሃዝ ሲጠጋጋ 0.0080 ይሆናል። 1 ሚሊዮን ዶላር ለ0.0080 ሲካፈል ውጤቱ 125,000,000 ብር ነው። ከትክክለኛው ሂሳብ 437,500 ብር ጎድሏል ማለት ነው።

አስመጪው የብሩን ግማሽ ከሚያዋጣ ሸሪክ ጋር በዚህ በተገለበጠ ምንዛሪ ተስማምቶ ከሆነ ኪሣራው ይከተላል። ሸሪኩ በውሉ መሠረት 62,500,000 ብር ያመጣል። ባንኩ ግን 125,437,500 ብር ስለሚቆርጥ የሸሪኩ ትክክለኛ ድርሻ 62,718,750 ብር ነበር። የጎደለው 218,750 ብር በአስመጪው ላይ ይወድቃል። ሁለቱ ቢካሰሱም አንዳቸውም አላጭበረበሩም፤ ሁለቱም በ“አራት አሃዝ” ነው ያሰሉት።

ምስጢሩ ያለው ከነጥብ በኋላ ባሉት ቦታዎች ብዛት ላይ ሳይሆን፣ ከመጀመሪያዎቹ ዜሮዎች ቀጥሎ በሚመጡት አሃዞች ላይ ነው። 125.4375 ሰባት አሃዝ መረጃ ይዟል። 0.0080 ግን 8 እና 0 ብቻ ነው ያለው። ይህ ቁጥር ከ0.00795 እስከ 0.00805 ያለውን ሁሉ ይወክላል። በብር ሲመለስ ከ124.22 እስከ 125.79 ማለት ነው። አንዱ ጽሑፍ በዶላር ከ1 ብር ከ50 ሳንቲም በላይ የሚሰፋ ልዩነት ተሸክሟል።

ይህ ጉዳይ ቀድሞ ያን ያህል አያሳስብም ነበር። ዶላር እስከ 1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በ2.07 ብር በተወሰነበት ዘመን ግልባጩ 0.4831 ነበር። አራቱም አሃዞች መረጃ ስለነበራቸው በ1 ሚሊዮን ዶላር ላይ የሚመጣው ስህተት 35 ብር ገደማ ብቻ ነው። ከዚያም ዶላር 5 ብር ገባ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 57 ብር ደርሶ ስለነበር ግልባጩ 0.017 አካባቢ ወርዷል። ብር በረከሰ ቁጥር ግልባጩ በዜሮ እየተሞላ ይሄዳል፤ አራት አሃዝ የመጻፍ ልማድ ግን አልተለወጠም።

አውሮፓውያን ይህን ጣጣ በሕግ ነው የዘጉት። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩሮን ሲጀምሩ የየአገሩ ገንዘብ ምንዛሪ መረጃ ባላቸው ስድስት አሃዞች እንዲጻፍ ደነገጉ። አንድ ዩሮ 1.95583 የጀርመን ማርክ፣ 1936.27 የጣሊያን ሊሬ ሆነ። ከነጥብ በኋላ ያሉት ቦታዎች ቁጥር ይለያያል፤ የአሃዞቹ ብዛት ግን እኩል ነው። ከዚህም ሌላ ምንዛሪውን አጠጋግቶም ሆነ ቆርጦ ማስላት፣ ገልብጦም መጠቀም ተከለከለ።

በድርሃም በኩል ሲያልፍ

ከዱባይ ዕቃ የሚያመጡ ነጋዴዎች ሌላ መጠንቀቂያ አላቸው። የኤምሬትስ ድርሃም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር በ3.6725 ተቆርጧል። በቃል ግን “ሦስት ነጥብ ስድሳ ሰባት” ይባላል። የ3,672,500 ድርሃም ደረሰኝ በ3.6725 ሲካፈል ልክ 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። በ3.67 ሲካፈል 1,000,681.20 ዶላር ይሆናል። ትርፉ 681.20 ዶላር ከላይ ባለው የብር ምንዛሪ ሲሰላ ከ85,000 ብር በላይ ነው። ገንዘቡ በሁለት ምንዛሪ ሲያልፍ በመካከል ላይ ማጠጋጋት አይገባም፤ የሚጠጋጋው የመጨረሻው ድምር ብቻ ነው፣ እሱም በሳንቲም።

እንዴት ይታወቃል?

ማረጋገጫው አንድ ማካፈል ነው። ባንኩ ከሂሳብ የቆረጠውን ብር፣ ኮሚሽኑና ሌላው ክፍያ ተቀንሶ፣ ለተላለፈው ዶላር ማካፈል ነው። ውጤቱ በዕለቱ ከወጣው የመሸጫ ዋጋ ጋር እስከ አራተኛው አሃዝ ድረስ መግጠም አለበት። 125.4400 ከመጣ ምንዛሪው ተጠጋግቷል። 125.0000 ከመጣ ደግሞ ተገልብጦ እንዳይሆን መጠርጠር ያስፈልጋል።

ኮምፒዩተር ላይ የሚሠሩም ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ኤክሴል ላይ 125.44 ተብሎ የሚታየው ቁጥር በውስጡ 125.4375 ሊሆን ይችላል። ደላላው በዓይኑ ያየውን በስልክ ሲያስተላልፍ፣ ማሽኑ ግን በውስጡ በያዘው ያሰላል። የሁለቱ ድምር አለመግጠሙ የሚመጣው ከዚህ ነው። በውል ላይ ምንዛሪው “የአንድ ዶላር ዋጋ በብር፣ በአራት አሃዝ፣ ድምሩ ብቻ በሳንቲም ይጠጋጋል” ተብሎ ቢጻፍ ክርክሩ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ሲባል ማጠጋጋት ከመግዣና መሸጫ ልዩነት ጋር መምታታት የለበትም። ከላይ በተጠቀሰው ክፍያ ላይ ባንክ ከባንክ የአንድ በመቶ የዋጋ ልዩነት ቢኖር 1,254,375 ብር ነው፤ ሁለት አሃዝ ማጠጋጋት ከሚያመጣው 2,500 ብር በ500 እጥፍ ይበልጣል። አስመጪው ቀድሞ ማወዳደር ያለበት የባንኮችን ዋጋ ነው። ከነጥብ በኋላ ያሉት አሃዞች ወደዚያ ልዩነት የሚጠጉት ምንዛሪው ሲገለበጥ ነው።