ሠላሳ ስምንት ወይስ ሠላሳ ሁለት?

አንድ የግሉኮስ ሞለኪውል በሕዋስ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሲፈርስ ስንት ኤቲፒ ይገኛል? ለባዮሎጂ ፈተና አብረው የሚያጠኑ ሦስት ተማሪዎች ደብተራቸውን ሲያስተያዩ አንዱ ላይ 38፣ ሌላው ላይ 36፣ ሦስተኛው ላይ 32 ሊያገኙ ይችላሉ። መጽሐፉን ሲገልጡ ደግሞ 30 ወይም 32 ይላል።

ብዙ ቡድን እዚህ ላይ በድምፅ ብልጫ ይወስናል። ከሁሉ የከፋው መንገድ ይኸው ነው። የቀሩበትን ክፍለ ጊዜ ከጓደኛ መገልበጥ የተለመደ ስለሆነ፣ ሁለት ደብተሮች ተስማሙ ማለት ሁለት ሰዎች ሰምተዋል ማለት አይደለም። መጀመሪያ ማን ከማን እንደገለበጠ ይጣራ።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ቁጥሩ የመጣበት ስሌት ነው። ግላይኮሊሲስና የክሬብስ ዑደት በቀጥታ የሚያስገኙት የተጣራ 4 ኤቲፒ ነው። የቀረው የሚመጣው ኤሌክትሮን ከሚሸከሙት 10 ኤንኤዲኤች እና 2 ኤፍኤዲኤች2 ነው። የቆየው ስሌት ለመጀመሪያው 3፣ ለሁለተኛው 2 ኤቲፒ ይሰጣል፤ 30፣ 4 እና 4 ሲደመሩ 38 ይሆናሉ። አዲሱ ወደ 2.5 እና 1.5 ዝቅ ስላደረገው 25፣ 3 እና 4 ተደምረው 32 ይመጣል። ከግላይኮሊሲስ የሚገኙት ሁለቱ ኤንኤዲኤች ግን የሚፈጠሩት ከማይቶኮንድሪያ ውጭ ነው። ኤሌክትሮናቸው ወደ ውስጥ ሲገባ በአንዳንድ ሕዋሳት ከእያንዳንዳቸው አንድ ኤቲፒ ይጎድላል። 36 እና 30 የመጡት ከዚህ ነው።

ስለዚህ ከሦስቱ ተማሪዎች ማንም አልተሳሳተም፤ የተለያየው መነሻቸው ነው። ለጋራው ማጥኛ ግን አንድ መነሻ መመረጥ አለበት። እኔ ብሆን የመጽሐፉን 30 ወይም 32 ይዤ ምክንያቱን በአንድ መስመር እጽፍ ነበር። መምህሩ በአሮጌው ስሌት የሚያስተምሩ ከሆነም እዚያው ሥር ይጻፍ፤ ፈተናውን የሚያወጡት እሳቸው ናቸውና።

አብዛኛው ሰው ሥራው እዚህ ያለቀ ይመስለዋል። አስቸጋሪው ቅራኔ ግን ሌላ ገጽ ላይ ተደብቋል። ከደብተሮቹ በአንዱ፣ የኃይል ቅልጥፍና በሚለው ርዕስ ሥር፣ ሕዋስ ከግሉኮስ ኃይል 40 በመቶ ያህሉን እንደሚይዝ ተጽፎ ይሆናል። ይህ ቁጥር የ38 ልጅ ነው። 38 በ7.3 ኪሎካሎሪ ተባዝቶ ለግሉኮሱ 686 ሲካፈል 40 በመቶ ገደማ ይመጣል። በ32 ከተሠላ ግን 34 በመቶ ነው። አንዱን ቀይሮ ሌላውን የተወ ማጥኛ እርስ በርሱ ይጣላል፤ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ስለማይቀመጡ በንባብ ብቻ አይያዝም።

የሚይዘው ጥያቄ መሥራት ነው። ያንን ክፍል ያላዘጋጀው ልጅ ደብተሩን ዘግቶ፣ በጋራው ማጥኛ ብቻ የኤቲፒውን ብዛትና መቶኛውን አሥልቶ ያውጣ። መልሱ ከተጻፈው ካልገጠመ፣ ሳይታረም የቀረው አሮጌ ቁጥር የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ወዲያው ይታያል።