ግድግዳው ከፀጉሯ አልወጣ አለ

ደንበኛዬ በስልኳ ይዛ የመጣችው ፎቶ ጥሩ ነበር። ፊቷ ቀጥ ብሏል፣ ብርሃኑ እኩል ነው፣ ትከሻዋ ላይ ነጭ ነጠላ ጣል አድርጋለች። ያስቸገረው ከኋላዋ ያለው ሰማያዊ ግድግዳ ነው፤ መታወቂያ የሚያወጣላት መሥሪያ ቤት ነጭ ባክግራውንድ ይፈልጋል። «ወንድሜ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅብህም አይደል?» አለችኝ።

ግድግዳውን ማጥፋቱ እውነትም ደቂቃ አይፈጅም። ፎቶሾፕ ላይ Select Subject ስል እሷ ተለይታ ወጣች፤ ከሥሯ ነጭ ሌየር አስገባሁ። ከሩቅ ያለቀ ይመስላል። 200 በመቶ አስፍቼ ሳየው ግን በፀጉሯ ዙሪያ ሰማያዊ ጭስ የመሰለ ነገር ተጠምጥሟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት የፀጉር ዘለላ ፎቶው ላይ ብዙ ጊዜ ከአንድ ፒክስል ትቀጥናለች። ስለዚህ ካሜራው እዚያች ነጥብ ላይ የሚመዘግበው ፀጉሩንና ግድግዳውን ቀላቅሎ ነው። ነጥቧን ከተዋት ሰማያዊው አብሮ ይቀራል፤ ከቆረጧት ደግሞ ፀጉሩ ቆብ የተደፋበት ይመስላል።

Select and Mask ገብቼ፣ Refine Edge Brush በሚባለው ብሩሽ የፀጉሩን ጠርዝ ብቻ ተከትዬ አስኬድኩ። ይህ ብሩሽ ጉንጭና ትከሻ ላይ ሲያርፍ ጥርት ያለውን መስመር ያሟሟዋል፤ ለእነሱ Feather ላይ ግማሽ ፒክስል ይበቃል። ዘለላዎቹ ላይ የቀረውን ሰማያዊ ለማጥፋት ከፎቶው በላይ አዲስ ሌየር ከፍቼ በClipping Mask አሰርኩት፤ ሞዱን Color አደረግኩና ከፀጉሯ መሃል ቀለም ወስጄ ጠርዙን ቀባሁ። Color የሚለውጠው የቀለሙን ዓይነት እንጂ ድምቀቱን ስላልሆነ ዘለላዎቹ አልወፈሩም። የተረፈ ነገር ካለ እንዲያሳየኝ ነጩን ለጊዜው በጥቁር ተካሁት፤ ነጭ ላይ የተደበቀ ሁሉ ጥቁር ላይ ይጋለጣል።

ያላሰብኩት ነጠላውን ነው። ሰማያዊው ላይ ጎልቶ ይታይ የነበረው፣ ነጩ ላይ ሲያርፍ ጠፋና ትከሻዋ የተገመጠ መሰለ። አንዳንዱ ባለሙያ እዚህ ጋ ግራጫ መስመር ያሰምርበታል፤ በእርሳስ እንደ ተሣለ ያስመስለዋል፣ አልወድለትም። እኔ ነጠላውን ብቻ መርጬ በCurves ጥቂት አጠቆርኩት። እጥፋቶቹ ብቅ ሲሉ ጠርዙም ተለየ። አርባ ደቂቃ ሄደብኝ።

ስትከፍለኝ «እህቴም ለአሜሪካ ፓስፖርቷ ልታሠራ ነው፤ የሷንም ትቀይርልኛለህ?» አለች። እሱ አይሆንም አልኳት። የአሜሪካ ፓስፖርት ባክግራውንዱ ነጭ ወይም ወደ ነጭ ያደላ ይሁን ይላል፤ በሶፍትዌር ወይም በስልክ አፕ የተነካካ ፎቶ ግን አይቀበልም። መስኮት ፊት ለፊት ባለ ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ትስቀልና፣ ጥላዋ እንዳያርፍበት አንድ ሜትር ያህል ወደ ፊት ራቅ ብላ ትነሣ። አንሶላውንም ቀድማ ትተኩሰው፤ የታጠፈበት መስመር ፎቶው ላይ ይወጣል።