ነርሷ ለሐኪም ስትደውል፦ «ኤስባር» የተባለው የአነጋገር ሥርዓት

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል የተኙ የ55 ዓመት ታካሚ እየከበዳቸው መጥቷል። ተረኛዋ ነርስ ስልክ አንስታ እንዲህ አለች እንበል፦ «ዶክተር ይቅርታ፣ ቀሰቀስኩዎት። አልጋ 7 ያሉት አባት፣ አንጀታቸው ተጠማዝዞ የገቡት፣ ትናንት ትንሽ ሾርባ ቀምሰው ነበር፤ አሁን አተኩሷቸዋል፣ ደህናም አልመሰሉኝም።» ሐኪሙም «እሺ ሲስተር፣ ፓራሲታሞል ይስጧቸው፣ ጠዋት አያቸዋለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ሐኪሙ ለሰማው ነገር ተገቢውን መልስ ሰጥቷል፤ የሰማው ትኩሳትን ነውና። ነርሷ ግን ያየችው ከትኩሳት በላይ ነበር። የሰውየው ትንፋሽ ፈጥኗል፣ ንግግራቸው ተዘባርቋል፣ ሽንታቸው ቀንሷል። ይህ ሁሉ «ደህና አልመሰሉኝም» በሚለው ቃል ውስጥ ተሸፍኖ ቀረ። እኛ ነገርን ከሥሩ ጀምረን መተረክ፣ ከእኛ በላይ ለምናየው ሰው ደግሞ ሐሳባችንን በጠቋሚ ቃል ማለፍ የለመድን ነን። በሌሊት ስልክ ላይ ሁለቱም ልማዶች ታካሚን ይጎዳሉ።

«ኤስባር» ይህን ክፍተት ለመሙላት የተበጀ የአነጋገር ቅደም ተከተል ነው። አራት ክፍሎች አሉት፦ አሁን ያለው ሁኔታ፣ የኋላ ታሪክ፣ ግምገማ እና ጥያቄ ወይም ምክረ ሐሳብ። ሥሩ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የኑክሌር ሰርጓጅ መርከቦች ናቸው። ወደ ሕክምናው ያመጡት በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በኮሎራዶ በካይዘር ፐርማነንቴ ይሠሩ የነበሩት ማይክል ሌናርድ፣ ዳግ ቦናከምና ሱዛን ግራሃም ናቸው። ቦናከም ራሱ በሰርጓጅ መርከብ ያገለገለ ሰው ነው።

ጥሩ ጥሪ የሚጀምረው ስልክ ከመነሳቱ በፊት ነው። ነርሷ መጀመሪያ ታካሚውን በዓይኗ ታያለች፣ ቫይታል ሳይን ራሷ ትለካለች፣ ከዚያ ቻርቱን በእጇ ይዛ ትደውላለች። ያለፈውን ልኬት ከአሁኑ ጎን ማስቀመጥ ይገባታል፤ አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ሐኪሙን የሚያስነሳው ለውጡ ነው። ያው ጥሪ በዚህ ሥርዓት ቢደረግ እንዲህ ይሆን ነበር።

«ዶክተር፣ ከቀዶ ሕክምና ክፍል የምደውለው ተረኛ ነርስ ነኝ። የምደውለው አልጋ 7 ስላሉት ታካሚ ነው። የደም ግፊታቸው 84 በ50 ወርዷል፣ የልብ ምታቸው 128 ነው፣ በደቂቃ 30 ጊዜ ይተነፍሳሉ፣ መዘባረቅም ጀምረዋል።» ይህ ሁኔታ ነው። ሐኪሙ ከእንቅልፉ ሙሉ በሙሉ ሳይነቃ እንኳ ሰውየው በአደጋ ላይ መሆናቸውን ያውቃል። ከባዱ ነገር በመጀመሪያዎቹ ዓረፍተ ነገሮች መምጣት አለበት።

«የ55 ዓመት ሰው ናቸው። ከአራት ቀን በፊት የተጠማዘዘው አንጀታቸው ተቆርጦ ተቀጥሏል። ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል እየወሰዱ ነው፣ የመድኃኒት አለርጂ የላቸውም። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግፊታቸው 118 በ72፣ የልብ ምታቸው 96 ነበር። አሁን ትኩሳታቸው 38.9 ነው። ባለፉት ሁለት ሰዓታት በካቴተር የወጣው ሽንት 40 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ክብደታቸው 60 ኪሎ ነው።» ይህ የኋላ ታሪክ ነው። ሾርባው የለበትም። የቀረው ሁሉ ለዛሬው ውሳኔ የሚያስፈልግ ነው፤ ለ60 ኪሎ ሰው በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ሽንት ይጠበቃልና፣ 20 ማለት ኩላሊት በቂ ደም እያገኘ ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

«ሆዳቸው ተነፍቷል፣ ጠንክሯል፣ ስነካቸውም በጣም ያማቸዋል። የተቀጠለው አንጀት አፍስሶ ኢንፌክሽኑ ወደ ደማቸው የገባ ይመስለኛል።» ይህ ግምገማ ነው፤ ብዙ ነርሶች የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። «በሽታ መለየት የሐኪም ሥራ ነው» ተብለው ስለተማሩ ያሰቡትን መናገር ድፍረት ይመስላቸዋል። ሥርዓቱ ግን የመጨረሻ ምርመራ አይጠይቃቸውም፤ አልጋው አጠገብ ቆሞ ያየ ሰው ምን እንደሚጠረጥር ነው የሚጠይቀው። ምክንያቱ ካልታወቀም «ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን በፍጥነት እየተበላሹ ነው» ማለት በቂ ግምገማ ነው። የተቀጠለ አንጀት የሚያፈስሰው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ነውና፣ አራተኛ ቀኑን ከጠነከረው ሆድ ጋር አያይዞ የሚናገር ነርስ ሐኪሙን በቀጥታ ወደ ነገሩ ይመራዋል።

«አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩአቸው እፈልጋለሁ። ኦክስጅን አድርጌላቸዋለሁ፣ ሁለተኛ የደም ሥር መስመርም ከፍቻለሁ። እስኪደርሱ ምን ልጀምር?» ይህ ጥያቄው ነው። ሰዓት ያልያዘ ጥያቄ ይላላል። «ቢያዩአቸው ጥሩ ነው» የሚለው አነጋገር ለሐኪሙ ጠዋትም ሊሆን ይችላል፤ «አሁኑኑ» ግን አይደለም።

ሐኪሙ «1 ሊትር ሪንገር ላክቴት በፍጥነት ይስጧቸው፣ ለ2 ዩኒት ደም ናሙና ላኩ፣ ለኦፕሬሽን ክፍል ንገሩ፣ እኔ እየመጣሁ ነው» ቢል፣ ነርሷ ጽፋ መልሳ ታነብለታለች፣ እሱም «አዎ» ይላል። በእንግሊዝኛ የሚነገር አሥራ አምስትና ሃምሳ በስልክ ስለሚምታታ፣ የመድኃኒት መጠን ሲሆን አኃዞቹን አንድ በአንድ መጥራት ይሻላል። የተደወለበት ሰዓት፣ የተባለውና የተሰጠው ኦርደር ቻርት ላይ ይሰፍራል።

ሐኪሙ ባይመጣስ? «እያያችኋቸው ቆዩ» ቢል ነርሷ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ግልጽ ወሰን ታስቀምጣለች፦ «እሺ ዶክተር፣ ግን አሳስቦኛል። በ15 ደቂቃ ውስጥ ግፊታቸው ካልተሻለ እንደገና እደውላለሁ።» ያም ካልሠራ ወደ ሲኒየር ሬዚደንቱ፣ ከዚያም ወደ ስፔሻሊስቱ ትደውላለች። ይህ መሰላል በየክፍሉ አስቀድሞ የታወቀና በሐኪሞቹ የተደገፈ ካልሆነ፣ ነርሷ በዚያ ሌሊት ልትፈጥረው አትችልም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የቤልጅየም ጥናት በአንድ ሆስፒታል ነርሶች በዚህ ሥርዓት ከሠለጠኑ በኋላ ያልታቀደ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል መግባት መጨመሩን፣ ያልተጠበቀ ሞት ግን መቀነሱን አሳይቷል። የመጀመሪያው ነገር ጉዳት ይመስላል፤ እኔ ግን ታካሚዎቹ ሳይመሽባቸው መታየታቸውን የሚያሳይ ይመስለኛል። ከሥልጠናው በፊትና በኋላ ያለውን ያነጻጸረ ጥናት በመሆኑ ለውጡን ሁሉ ለዚህ ሥርዓት ብቻ መስጠት አይቻልም።

ሥርዓቱ የማይሠራበት ቦታም አለ። ትንፋሽና ልብ ለቆመበት ሰው አራት ክፍል ያለው ንግግር አይደረግም፤ ለእርዳታ ይጮኻል፣ ደረት መጫን ይጀመራል። ከአቅሟ በላይ ታካሚ የያዘች ነርስም ቻርቱ እስኪሟላ ብላ ጥሪውን ማዘግየት የለባትም፤ የጎደለውን «ገና አልለካሁትም» ብላ ትናገር፣ ሌላ ባልደረባ ይለካላት።

ለሐኪሞች አንድ ልመና አለኝ። ነርሷ ቁጥሮቹን ዘርዝራ ዝም ካለች፣ ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት «ሲስተር፣ እርስዎ ምን ይመስልዎታል? ምንስ እንዳደርግ ይፈልጋሉ?» ብላችሁ ጠይቋት፤ መልሷንም ሳታቋርጡ እስከ መጨረሻው ስሙ።