የስንብት ካርድ ላይ ምን ይቅር? ምን ይቆይ?



የምርቃት ሰሞን ለተመራቂ ወንድሞችና እህቶች ካርድ ይዞራል። በአንድ ካርድ ላይ ሃያ ሰው ስለሚጽፍ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ሦስት አራት መስመር ነው። አምና እኔ ለአንድ ወንድማችን ያዘጋጀሁት ግን ግማሹን ካርድ የሚሞላ ነበር፦

«አሰ/ወ/ወ ውድና የተከበርክ ወንድሜ ሆይ! በቅድሚያ እንኳን ለዚህ ቀን አላህ አደረሰህ እያልኩ፣ ስለ አንተ ለመጻፍ ቃላት ቢያጥሩኝም፣ ደግ፣ ቅን፣ ትሑትና ታታሪ፣ ለሁላችንም አርአያ ነበርክ። ከመተማ በመጣሁ በሳምንቱ ወባ ሲነሳብኝ በሌሊት ክሊኒክ አድርሰኸኝ እስኪነጋ አጠገቤ መቀመጥህንም አልረሳም። በቀሪው ሕይወትህ ስኬት፣ ጤና፣ ደስታና ብልጽግና እየተመኘሁ፣ አውቄም ሳላውቅም ያስቀየምኩህ ካለ አፉ እንድትለኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ካርዱ ላይ ከመገልበጤ በፊት እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር «ይህ ለሌላ ተመራቂ ቢጻፍ ያስኬዳል?» እያልኩ ጠየቅኩት። «ደግ፣ ቅን፣ ትሑት» ለማንም ያስኬዳል፤ ተሰረዘ። «ቃላት ቢያጥሩኝም» ምንም አይነግረውም፤ ተሰረዘ። የወባው ሌሊት ግን የእኔና የእሱ ብቻ ነው። ደግነቱንም ከቅጽሎቹ ይልቅ እሱ ስለሚያሳይ ቆየ። አፉታውም ይቆያል፤ ከተለያየን በኋላ ፊት ለፊት ለመጠየቅ ላንገናኝ እንችላለን። ሰላምታውን ግን ያሳጠርኩት ያለ ቦታው ነበር። ሰላምታ ዱዓ ስለሆነ በፊደል ምህጻር ከሚቆራረጥ ሙገሳው ቢቀር ይሻላል።

የቀረው የምኞቱ ዝርዝር ነው። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) መንገደኛ ሲሸኙ ሦስት ነገር ለአላህ አደራ ይሰጡ ነበር፦ ዲኑን፣ አማናውንና የሥራውን ፍጻሜ። እኛ ዘንድ በመተማም ከወዲያ ማዶ ያሉት ሱዳኖች ሲሰነባበቱ «ወደዕተክ አላህ» ይላሉ፤ ለአላህ አደራ ሰጠሁህ ማለት ነው። ስለዚህ አራቱን ምኞት በዚህ ዱዓ ተካሁት፦

«አሰላሙ ዐለይኩም ወንድሜ። ወባ የያዘኝ ሌሊት ክሊኒክ አድርሰኸኝ እስኪነጋ አጠገቤ ተቀመጥክ። ጀዛከላሁ ኸይር። ያስቀየምኩህ ካለ አፉ በለኝ። ዲንህን፣ አማናህንና የሥራህን ፍጻሜ ለአላህ አደራ ሰጥቻለሁ።»

ማሳጠርም ልክ አለው። «አመሰግናለሁ፣ መልካም ጉዞ» ብቻ ከቀረ ከሚገባው በላይ ተቆርጧል። መለያው ቀላል ነው፦ ስማችሁን በእጃችሁ ሸፍኑትና አንብቡት። ተመራቂው ማን እንደጻፈለት ካወቀ በቂ ነው፤ ካላወቀ ከሰረዛችሁት ውስጥ አንዱን ትዝታ መልሱ።