ድምሩ ሲገጥምና ሳይገጥም

የሒሳብ አያያዝ ትምህርት የጀመረ ሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች የሚያገኘው አንድ መልመጃ አለ። በወረቀቱ ላይ የአንድ ትንሽ ድርጅት የወር ግብይቶች ይዘረዘራሉ፤ በየሌጀሩ ገብተው ይታያሉ። ከታች ባዶ ሠንጠረዥ ተሰምሮ «ትሪያል ባላንስ አዘጋጁ» የሚል ትእዛዝ ይከተላል። ብዙ ተማሪ ይህን የመደመር ሥራ አድርጎ ያየዋል። የዴቢቱና የክሬዲቱ ድምር እኩል ከመጣ ወረቀቱን ያስረክባል፤ ካልመጣ ከላይ እስከ ታች እየደጋገመ ይደምራል። ነገር ግን ድምሩ ሳይገጥም ሲቀር ልዩነቱ ራሱ ስሕተቱ የት እንዳለ ይጠቁማል፤ ሲገጥም ደግሞ ገና ያልተጠየቀ ጥያቄ ይቀራል። ሁለቱንም በአንድ ምሳሌ እንያቸው።

አንዲት የልብስ ስፌት ባለሙያ ሐምሌ 1 ቀን ሱቅ ከፈተች እንበል። የወሩ ሥራዋ ይህን ይመስላል፦

1. ከራሷ 80,000 ብር አውጥታ ሥራውን ጀመረች።
2. የሐምሌን የቤት ኪራይ 9,000 ብር ከፈለች።
3. የስፌት መኪናዎች በ36,000 ብር ገዛች፤ 16,000 በጥሬ ገንዘብ ከፍላ 20,000 በዱቤ አስቀረች።
4. ጨርቅና ክር በ7,200 ብር በጥሬ ገንዘብ ገዛች።
5. ልብስ ሰፍታ 18,500 ብር በጥሬ ገንዘብ ተቀበለች።
6. ለአንድ ትምህርት ቤት የ14,000 ብር የደንብ ልብስ በዱቤ ሰፋች።
7. ለመኪናዎቹ ሻጭ ከዕዳዋ 8,000 ብር ከፈለች።
8. ትምህርት ቤቱ ካለበት ዕዳ 5,000 ብር ከፈላት።
9. ለረዳቷ 6,300 ብር ደመወዝ ሰጠች።
10. ለቤቷ ወጪ 3,000 ብር ከሱቁ ወሰደች።

እያንዳንዱ ግብይት ቢያንስ ሁለት ሌጀር ይነካል፤ በአንዱ በግራ በኩል በዴቢት፣ በሌላው በቀኝ በኩል በክሬዲት ይገባል፤ የሁለቱም ወገን መጠን እኩል ነው። ንብረት፣ ወጪና ባለቤት ለራሱ የሚወስደው ገንዘብ ሲጨምሩ በዴቢት ይመዘገባሉ። ዕዳ፣ ካፒታልና ገቢ ሲጨምሩ በክሬዲት ይመዘገባሉ። ሲቀንሱ ወገኑ ይገለበጣል። ጀማሪን የሚያደናግረው ባንክ ነው፤ ገንዘብ ስናስገባ ባንኩ ሒሳባችንን ክሬዲት አደረግሁ ይላል። ባንኩ የሚናገረው ከራሱ መዝገብ ተነሥቶ ነው፤ ያስገባነው ገንዘብ ለእሱ አንድ ቀን የሚመልሰው ዕዳ ነው። በእኛ መዝገብ ግን ያው ገንዘብ ንብረት ስለሆነ በዴቢት ይገባል።

መልመጃው የሚጀምረው እያንዳንዱን ሌጀር ዘግቶ ቀሪውን በማውጣት ነው። ብዙ እንቅስቃሴ ያለበትን የጥሬ ገንዘብ ሌጀር እንውሰድ። በግራ በኩል የገባው 80,000፣ 18,500 እና 5,000 ሲደመር 103,500 ይሆናል። በቀኝ በኩል የወጣው ኪራይ 9,000፣ ለመኪና 16,000፣ ለጨርቅ 7,200፣ ለሻጩ 8,000፣ ለደመወዝ 6,300 እና ለቤት 3,000 ነው፤ ሲደመር 49,500። ትልቁ ወገን ዴቢት ስለሆነ ቀሪው 54,000 ብር ዴቢት ነው። ወደ ትሪያል ባላንሱ የሚሄደው ይህ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። 103,500ውን በዴቢት፣ 49,500ውን በክሬዲት አድርጎ ሁለቱንም የሚያስገባ ተማሪ አለ፤ ድምሩ ቢገጥምለትም የወረቀቱ ጥያቄ ቀሪ ሒሳብ ነውና መልሱ ልክ አይሆንም።

የሌሎቹም ቀሪ በዚሁ መንገድ ይወጣል። ትምህርት ቤቱ ከ14,000 ላይ 5,000 ስለከፈለ ተሰብሳቢ ሒሳብ 9,000 ዴቢት ይቀረዋል። ለመኪና ሻጩ ከነበረው 20,000 ዕዳ 8,000 ስለተከፈለ ተከፋይ ሒሳብ 12,000 ክሬዲት ነው። ገቢው በጥሬ ገንዘብ የተገኘውና በዱቤ የተሠራው አንድ ላይ 32,500 ነው። ከዚያ ቀሪዎቹ በተለመደው ቅደም ተከተል ይደረደራሉ፦ መጀመሪያ ንብረት፣ ቀጥሎ ዕዳ፣ ካፒታል፣ ገቢ፣ በመጨረሻ ወጪ።

የልብስ ስፌት ቤቱ ትሪያል ባላንስ፣ ሐምሌ 30

| የሒሳቡ ስም | ዴቢት | ክሬዲት |
|---|---|---|
| ጥሬ ገንዘብ | 54,000 | |
| ተሰብሳቢ ሒሳብ | 9,000 | |
| አላቂ ዕቃ (ጨርቅና ክር) | 7,200 | |
| የስፌት መኪና | 36,000 | |
| ተከፋይ ሒሳብ | | 12,000 |
| ካፒታል | | 80,000 |
| የባለቤት ወጪ | 3,000 | |
| የአገልግሎት ገቢ | | 32,500 |
| የኪራይ ወጪ | 9,000 | |
| የደመወዝ ወጪ | 6,300 | |
| ድምር | 124,500 | 124,500 |

አሁን ይኸው ሠንጠረዥ አልገጥም ብሏል እንበል። በመጀመሪያ የሁለቱን ድምሮች ልዩነት ማውጣትና በወረቀቱ ጥግ መጻፍ ነው። ፍለጋው ከዚያ ቁጥር ይነሣል። ድምሩን አንድ ጊዜ ከታች ወደ ላይ ደግሞ መደመር፣ ካልተስተካከለ ያንኑ ቁጥር ከነመልኩ በሌጀሮቹ ውስጥ መፈለግ ይገባል። ልዩነቱ 9,000 ከሆነ የተዘለለው ኪራዩ ወይም ተሰብሳቢ ሒሳቡ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም 9,000 ናቸውና ሁለቱም ይታዩ።

ቁጥሩ እንዲሁ ካልተገኘ ለሁለት ይከፈል። ዴቢቱ 121,500፣ ክሬዲቱ 127,500 መጣ እንበል። ልዩነቱ 6,000፣ ግማሹ 3,000 ነው። በሠንጠረዡ ላይ 3,000 ያለው የባለቤት ወጪ ነው፤ ሲታይም በክሬዲት ዓምድ ተቀምጧል። ይህ በጀማሪዎች ዘንድ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሒሳቡ ከካፒታል ቀጥሎ ስለሚጻፍ እጅ እዚያው ዓምድ ላይ ያሳርፈዋል። በግማሽ መፈለግ የሚሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ወገኑን የሳተ ቁጥር ከአንዱ ዓምድ ጎድሎ በሌላው ስለሚጨመር ልዩነቱን እጥፍ ያደርገዋል።

ግማሹም ካልረዳ ልዩነቱ ለ9 ይካፈል እንደሆነ ይታይ። ዴቢቱ 121,800፣ ክሬዲቱ 124,500 ሲመጣ ልዩነቱ 2,700 ነው፤ ለ9 ሲካፈል 300 ይደርሳል። ያለ ቀሪ ከተካፈለ አንድ ቁጥር ሲገለበጥ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል። 300 የሚለው መልስ ደግሞ ሌላ ፍንጭ ይሰጣል፦ የተለዋወጡት አኃዞች በሺህና በመቶ ቤት ያሉ፣ በመካከላቸውም የ3 ልዩነት ያላቸው ናቸው። በሠንጠረዡ ላይ ይህን ከሚያሟሉት መካከል 3,600 ተብሎ የተጻፈው ደመወዝና 32,500 የሆነው ገቢ ይገኛሉ። ገቢው ተገልብጦ ቢሆን ትክክለኛው 35,200 ይሆንና ክሬዲቱ ይብሱን ከዴቢቱ ይርቅ ነበር። የጎደለው ዴቢቱ ነውና የሚጠረጠረው ደመወዙ ነው። ሌጀሩ ሲከፈት 6,300 ይላል። 7,200 በ720 ቢጻፍም ልዩነቱ 6,480 ሆኖ ለ9 ይካፈላል፤ ውጤቱም 720 ራሱ ነው፤ ይህም አንድ ዜሮ መውደቁን ያሳያል። ይህ ፍተሻ ግን ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ የተዘለለው 9,000ም ለ9 ይካፈላል። በአንድ ጊዜ ሁለት ስሕተት ሲኖር ደግሞ ፍንጮቹ ይደባለቃሉና ያኔ ሌጀሩን ከሠንጠረዡ መስመር በመስመር ማመሳከር ብቻ ነው የሚያዋጣው።

እስካሁን ያየነው ድምሩ የሚያጋልጠውን ስሕተት ነው። የማያጋልጠው ግን ይብሳል። ትምህርት ቤቱ 5,000 ብር ሲከፍል መዝጋቢው እንደ አዲስ ሥራ ገቢ ቆጥሮ ከተሰብሳቢ ሒሳብ ሳይቀንሰው በገቢ ሌጀር አስገባው እንበል። ጥሬ ገንዘቡ በትክክል በዴቢት ገብቷል፤ ክሬዲቱም 5,000 ነው፤ የሳተው ሌጀሩን ብቻ ነው። ተሰብሳቢው 14,000፣ ገቢው 37,500 ይሆናል፤ ሁለቱም ዓምዶች 129,500 ሆነው ይገጥማሉ። በወረቀቱ ላይ ምንም የሚያስጠረጥር ነገር አይታይም። ባለሙያዋ ግን ትምህርት ቤቱ የከፈላትን ገንዘብ ዳግመኛ ልትጠይቅ ነው፤ ያላገኘችው የ5,000 ብር ገቢም በትርፏ ላይ ተቆጥሮ ግብር ሊታሰብበት ነው።

እንዲሁ የሚያመልጡ ሌሎችም አሉ። ግብይቱ ጨርሶ ሳይመዘገብ ሲቀር ከሁለቱም ወገን እኩል ስለሚጎድል ድምሩ አይነቃነቅም። ሁለት ጊዜ ሲመዘገብ ከሁለቱም እኩል ይጨምራል። ደመወዙ ከመጀመሪያው 3,600 ተብሎ በወጪም በጥሬ ገንዘብም ቢገባ ዓምዶቹ ይስማማሉ። ትሪያል ባላንስ የሚያረጋግጠው ለእያንዳንዱ ዴቢት እኩል ክሬዲት መኖሩን ነው፤ ብሩ በተገቢው ስም መጻፉን አያውቅም። ሉካ ፓቺዮሊ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ የነጋዴዎቹን የሁለት ወገን አመዘጋገብ ሲያስተምር ይህን የድምር ፍተሻ ጨምሮ ነበር። ዛሬ እንደ ፒችትሪ ያሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ያልተመጣጠነ መዝገብ ስለማይቀበሉ ድምር አለመግጠም እየቀረ ነው። የተሳሳተ ሌጀር መምረጥን ግን ፕሮግራሙም አይከለክልም።

ስለዚህ ድምሩ ከገጠመ በኋላ ወረቀቱ ከመቅረቡ በፊት ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛው፣ እያንዳንዱ ቀሪ በተፈጥሮ ወገኑ ላይ መሆኑ ነው። ጥሬ ገንዘብ በክሬዲት ከታየ ሱቁ ከሌለው ገንዘብ ከፍሏል ማለት ነውና መዝገቡ ይመርመር። ተሰብሳቢ ሒሳብ በክሬዲት ሲገኝም ደንበኛው ካለበት ዕዳ በላይ ከፍሏል ወይም የተሰጠው አገልግሎት አልተመዘገበም። ሁለተኛው፣ ከመዝገቡ ውጭ ካለ ማስረጃ ጋር ማመሳከር ነው፤ ጥሬ ገንዘቡን ከሣጥኑና ከባንኩ መግለጫ፣ ተሰብሳቢውን ከትምህርት ቤቱ ደረሰኞች ጋር። የ5,000 ብሩ ስሕተት የሚገኘው የተከፈለበት ደረሰኝ ከተሰብሳቢ ሌጀሩ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው።

ይህም ተጣርቶ የ7,200 ብሩ ጨርቅና ክር እንዳለ ይቆያል። አብዛኛው በወሩ ውስጥ ልብስ ሆኖ ወጥቷል፤ ሠንጠረዡ ግን ገና እንደ ንብረት ይቆጥረዋል። በመደርደሪያው ላይ የቀረው ተቆጥሮ 1,700 ብር ቢሆን 5,500 ብር ወደ ወጪ ይዛወራል፤ የማስተካከያ ምዝገባ የሚባለው ይህ ነው። ትርፍና ኪሳራው የሚሠራው ይህና መሰሎቹ ከተስተካከሉ በኋላ እንጂ ከመጀመሪያው ሠንጠረዥ አይደለም።