ቀሚስ በኦንላይን፣ ታክስ ከ400 ዶላር

በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢዋ ከሽሮ ሜዳ ያስመጡትን የሐበሻ ቀሚስ በስልካቸው የሚሸጡ ኢትዮጵያውያት ጥቂት አይደሉም። ፎቶው ኢንስታግራም ላይ ይወጣል፤ ዋጋው በመልእክት ይነገራል፤ ክፍያው በዜል ይገባል። የታክስ ነገር ሲነሳ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ፎርም ካልተላከልኝ ምን አስጨነቀኝ?» የሚል ነው።

የሚጠበቀው ፎርም 1099-ኬ ይባላል። የኦንላይን ገበያዎችና የክፍያ ድርጅቶች ለሻጩም ለፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት ለአይአርኤስም ይልኩታል። በ2025 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት እንዲልኩ የሚገደዱት የሻጩ ገቢ በዓመት ከ20,000 ዶላር፣ የግብይቱም ብዛት ከ200 ሲበልጥ ነው። ዜል ደግሞ ፎርሙን ጭራሽ አይልክም። ስለዚህ ብዙ ሻጮች ምንም ወረቀት ሳይደርሳቸው ዓመቱ ያልፋል፤ ግዴታው ግን ከወረቀቱ ጋር አይያያዝም። ለራሱ የሚሠራ ሰው በዓመት የተጣራ ትርፉ 400 ዶላር ከደረሰ ታክስ ማስታወቅና ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚሆነውን ታክስ መክፈል አለበት። ሌላ ሥራ ኖሯት በየዓመቱ ታክስ የምታስታውቅ ሻጭ ደግሞ ትርፏ ከ400 ቢያንስም ማስመዝገብ ይጠበቅባታል።

አንዲት ሻጭ 40 ቀሚስ እያንዳንዱን በ130 ዶላር ገዛች እንበል። በዓመቱ 32ቱን በ300 ዶላር ሸጠች፤ የሽያጩ ድምር 9,600 ዶላር ነው። ለግዢ የከፈለችው 5,200 ቢሆንም በዚህ ዓመት የምትቀንሰው የተሸጡትን የ32 ቀሚሶች ዋጋ 4,160 ብቻ ነው፤ ቁም ሣጥን ውስጥ የቀሩት ስምንቱ ሲሸጡ ይቆጠራሉ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ለፖስታ 640፣ ለኦንላይን ገበያው ኮሚሽን 600 ሲቀነስ 4,200 ዶላር ትርፍ ይቀራል። የዚህ 92.35 በመቶ በ15.3 በመቶ ሲባዛ ወደ 593 ዶላር ይመጣል። መደበኛው የገቢ ታክስ ከዚህ በላይ ነው። ሽያጩና ወጪው የሚሞላው ስኬጁል ሲ በተባለው ቅጽ ሲሆን፣ ከዓመታዊው የታክስ ማስታወቂያ ጋር አብሮ ይገባል።

ይህ ስሌት የሚሠራው መዝገብ ካለ ነው። ለእያንዳንዱ ሽያጭ ቀኑ፣ ዕቃው፣ ሙሉ ዋጋው፣ ክፍያው የገባበት መንገድና የገዢዋ ስቴት ይጻፋል። የኦንላይን ገበያው ኮሚሽኑን ቆርጦ 280 ዶላር ቢያስገባም፣ መዝገቡ ላይ ሽያጩ 300፣ ኮሚሽኑ ደግሞ በወጪ በኩል 20 ተብሎ ይሰፍራል። 1099-ኬ የሚያሳየው ሙሉውን ዋጋ ስለሆነ፣ የገባውን ብቻ የጻፈች ሴት ቁጥሯ ከአይአርኤስ ቁጥር ጋር አይገጥምም።

ከሁሉ የከፋው ገንዘብ መቀላቀል ነው። የዕቁብ ብር፣ ከእህት የተላከ የቤት ኪራይ ድርሻና የቀሚስ ዋጋ በአንድ ዜል ከገቡ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ ማስረዳት ይከብዳል። ለንግዱ ብቻ የሚሆን የባንክ ሒሳብ መክፈት ነገሩን በእጅጉ ያቀለዋል። ከሸማኔ በቀጥታ የተገዛ ዕቃ ብዙ ጊዜ ደረሰኝ ስለማይኖረው ሻጩ የፈረመበት ወረቀት፣ የዕቃው ብዛት፣ በብር የተከፈለው ዋጋና የዕለቱ ምንዛሪ አብረው ይቀመጣሉ። ማስረጃው በጥቅሉ ታክሱ ከገባ በኋላ ለሦስት ዓመት መቆየት አለበት። ታክስ ላላስታወቀ ሰው ግን የአይአርኤስ የመጠየቂያ ጊዜ አያልቅም።

ምዝገባው ከሚፈራው ያነሰ ነው። በራስ ስም ለመሸጥ ኤልኤልሲ ማቋቋም ግዴታ አይደለም። በንግድ ስም ለሚሸጥ ሜሪላንድ ስሙን በ25 ዶላር ለአምስት ዓመት ትመዘግባለች። ኢአይኤን የተባለው የአሠሪ መለያ ቁጥርም ከአይአርኤስ ድረ ገጽ በነጻ ይገኛል፤ ለእሱ ገንዘብ የሚጠይቁ ድረ ገጾች የመንግሥት አይደሉም።

የሽያጭ ታክስ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ትርፍን አይጠብቅም። በሜሪላንድ 6 በመቶ ነው፤ ልብስንም ይጨምራል። በኦንላይን ገበያ በኩል ለተሸጠው ገበያው ራሱ ሰብስቦ ይከፍላል። በኢንስታግራም ተነጋግራ ለቤተዝዳ ነዋሪ በ300 ዶላር የሸጠችውን ግን 18 ዶላር ጨምራ መቀበልና ለስቴቱ ማስገባት ያለባት እሷ ናት፤ ካልተቀበለች ከኪሷ ይወጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው ፈቃድ ከስቴቱ ኮምፕትሮለር በነጻ ይወጣል፤ አንዴ ከወጣ በኋላ ምንም ባይሸጥም በጊዜው ዜሮ ተብሎ ሪፖርት መደረግ አለበት። ለሌላ ስቴት ነዋሪ ተልኮ የተሸጠ የሜሪላንድ ታክስ አይነካውም። በዚያኛው ስቴት መመዝገብ የሚመጣው ሽያጩ በስቴቱ ውስጥ ከፍ ሲል ነው፤ ወሰኑ በብዙዎቹ በዓመት 100,000 ዶላር፣ በቴክሳስ 500,000 ዶላር ነው።

ንግዱ አድጎ በዓመቱ መጨረሻ 1,000 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ የፌዴራል ዕዳ የሚጠበቅ ከሆነ አይአርኤስ እስከ ሚያዝያ አይታገሥም፤ በዓመት አራት ጊዜ ቅድሚያ ክፍያ ይፈልጋል። ተቀጥራ የምትሠራ ሻጭ ግን አሠሪዋ ጋ ያለውን ደብሊው-4 ቅጽ አሻሽላ ከደመወዟ ተጨማሪ እንዲቆረጥ ማድረግ ትችላለች።